«ልጁ በሩን ከፈተው»፦ ሦስት ትንንሽ ምልክቶችና መቀመጫቸው

«ልጁ በሩን ከፈተው።» ሦስት ቃላት ብቻ ናቸው። የቃላቱን ጫፍ ብናራግፍ «ልጅ በር ከፈተ» የሚል ይቀረናል። ይህም ዐረፍተ ነገር ነው፤ ነገር ግን የትኛው ልጅ፣ የትኛው በር እንደሆነ አናውቅም። ያራገፍናቸው ድምፆች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። «ልጁ» ላይ ያለው «ኡ» ልጁን ሰሚው እንደሚያውቀው ይናገራል። «በሩን» ላይ ሁለት ነገሮች ተደርበዋል፦ «ኡ» በሩ የታወቀ መሆኑን፣ «ን» ደግሞ በሩ የድርጊቱ ተቀባይ፣ ማለትም ተሳቢ መሆኑን ያመለክታል። «ከፈተው» መጨረሻ ላይ ያለው «ው» በሩን ከግሱ ላይ ሆኖ መልሶ ይጠራዋል።

የሰዋስው መምህራን የመጀመሪያውን ምልክት የእሙርነት ምልክት ይሉታል፤ እሙር ማለት የታወቀ ማለት ነው። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሦስቱንም ሳያስብ በየቦታቸው ያስቀምጣቸዋል። ዐረፍተ ነገሩ በአንድ ቅጽል ሲረዝም ግን ምልክቶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የጽሑፍ ስህተት የሚበዛውም እዚያ ላይ ነው። እኔ የሌሎችን ጽሑፍ በማረም ብዙ ጊዜ ስለማሳልፍ፣ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ቀስ በቀስ ለይቼዋለሁ።

የእሙርነት ምልክቱ መልክ ብዙ አያስቸግርም። ስሙ በተነባቢ ሲያልቅ «ኡ» ይሆናል፦ በር፣ በሩ። በአናባቢ ሲያልቅ «ው» ይሆናል፦ በሬ፣ በሬው፤ ጎጆ፣ ጎጆው። ለአንስታይ «ዋ» ወይም «ኢቱ» ይገባል፦ ላሟ፣ ላሚቱ። «ልጅቷ» ሁለቱን ቀላቅሎ የያዘ ይመስላል። ብዙ ቁጥር ላይ ጾታ ስለማይለይ ወንዶችም ሴቶችም «ልጆቹ» ናቸው።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። «በሩ» ሲባል የታወቀው በር ነው ወይስ የእሱ በር? ቃሉን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። ነገሩን ከግእዝ ጋር ማነጻጸር ይረዳል። በግእዝ «ቤቱ» ማለት የእሱ ቤት ማለት ብቻ ነው፤ ግእዝ ለታወቀ ነገር ራሱን የቻለ ምልክት የለውም። አማርኛ የባለቤትነቱን ቅጥያ ወስዶ ለሁለት ሥራ አዋለው። ስለዚህ «ቤቱ ተሸጠ» የሚለውን ያነበበ ሰው ትርጉሙን የሚያገኘው ከአካባቢው ዐረፍተ ነገር ነው።

ሁለቱ «ኡ»ዎች መንታ ቢመስሉም አንድ ቅጽል ሲጨመር ግን ይለያያሉ። «ትልቅ» የሚለውን እንጨምርና እንየው። የታወቀውን በር ለማለት ስንፈልግ «ትልቁ በር» እንላለን። ምልክቱ በሩን ትቶ ወደ ቅጽሉ ሄደ፤ «በር» ባዶውን ቀረ። የእሱን በር ለማለት ስንፈልግ ደግሞ «ትልቁ በሩ» እንላለን። የባለቤትነቱ «ኡ» ከስሙ አልተነቃነቀም፤ የእሙርነቱ ግን ወደ ፊት ሄዶ ቅጽሉ ላይ ተቀመጠ። «ትልቅ በሩ» የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ደግሞ ጆሮ የሚሰማው «የእሱ ትልቅ በር» ብቻ ነው፤ «የታወቀው ትልቅ በር» የሚለውን ትርጉም አይሰጥም። አማርኛን በትምህርት የሚለምዱ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ምልክቱን ከስም ጋር ስለተማሩት ከስም ላይ ሊያነሱት አይደፍሩም።

እንግዲህ የእሙርነት ምልክት የስም ቅጥያ ነው ማለት ግማሽ እውነት ነው። ምልክቱ የሚከተለው በስሙ ፊት የቆመውን የመጀመሪያ ገላጭ ነው፤ ገላጭ ከሌለ ስሙ ላይ ያርፋል። ገላጩ ቁጥርም ሊሆን ይችላል፦ «ሁለቱ በሮች»። ሁለት ቅጽሎች ሲከታተሉ የመጀመሪያው ምልክቱን መያዝ አለበት፤ ሁለተኛው ቢይዝም ባይዝም ያስኬዳል፦ «ትልቁ ጥቁር በር»፣ «ትልቁ ጥቁሩ በር»። የመጀመሪያው ገላጭ እንጂ የመጀመሪያው ቃል አላልኩም። «በጣም ትልቁ በር» ላይ መጀመሪያ የመጣው «በጣም» ነው፤ እሱ ግን በሩን ሳይሆን ትልቅነቱን ስለሚገልጽ ምልክቱ ያልፈዋል። በአንጻሩ ሁለት ቃላት ተጣምረው የአንድ ነገር ስም ሲሆኑ መካከላቸው አይነካም። «ትምህርት ቤቱ» እንላለን፤ «ርዕሰ መምህሩ» እንላለን፤ ምልክቱ ከጥምሩ መጨረሻ ላይ ይሰካል።

አሁን «ን»ን እናስከትል። የ«ን» ደንብ አጭር ነው፦ የእሙርነት ምልክቱ ካለበት ቀጥሎ ይቀመጣል። «በሩ» ከሆነ «በሩን»፣ «ትልቁ በር» ከሆነ «ትልቁን በር» ነው። «ትልቁ በርን» የሚል አጻጻፍ አልፎ አልፎ ያጋጥመኛል። ጸሐፊው «ትልቁ በር» የሚለውን እንደ አንድ ጥቅል ቆጥሮ «ን»ን ከጥቅሉ ጫፍ ላይ ለጠፈው። አማርኛ ግን ጥቅሉን አያሽገውም፤ ከፍቶ መካከል ይገባል።

ይህ ጠባይ ጎልቶ የሚታየው በ«የ» በሚጀምሩ ገላጮች ላይ ነው። «አስቴር የጻፈችውን» እንተወውና ቀላሉን እንውሰድ፦ «የአስቴርን ደብዳቤ አነበብኩ።» ያነበብኩት ደብዳቤውን ነው። አስቴርን አላነበብኩም። «ን» ግን የተቀመጠው አስቴር ላይ ነው። ተሳቢው ደብዳቤ ሆኖ ሳለ ምልክቱን የተሸከመችው የደብዳቤው ባለቤት ናት። «የአስቴር ደብዳቤን» የሚል አጻጻፍ በጋዜጣም በመጽሐፍም እየተለመደ መጥቷል፤ እኔ ግን ባገኘሁት ቁጥር አስተካክለዋለሁ።

በዚሁ መንገድ «የግቢውን በር ከፈተው» እንላለን። እዚህ ላይ «ው» የግቢው ነው፤ የታወቀው ግቢ፣ በሩም በግቢው በኩል የታወቀ። «የእንጨቱን በር ከፈተው» ሲባል ግን መልኩ ያው ሆኖ ነገሩ ይለያል። የታወቀ እንጨት የለም። እንጨት በሩ የተሠራበት ነገር ነው፤ «ኡ» የበሩ ምልክት ሆኖ፣ እንደ «ትልቁ በር» ሁሉ፣ ወደ ገላጩ ተሻግሯል። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ የሚታወቀው ግቢና እንጨት ምን እንደሆኑ በማወቅ እንጂ ከሰዋስው አይደለም።

ወደ ግሱ ስንመጣ ሌላ ሕግ እናገኛለን። «ን» ከገላጭ ወደ ገላጭ የሚዘዋወር ሲሆን፣ የግሱ ቅጥያ ግን የሚመለከተው ዋናውን ስም ብቻ ነው። «የአስቴርን ደብዳቤ አነበብኩት» እንላለን እንጂ «አነበብኳት» አንልም። «ን» አስቴር ላይ ቢሆንም «ት» ደብዳቤውን ይጠራል። «የእህቱን በር ከፈተው» ውስጥ «ው» በሩን ያመለክታል፤ እህቱን ቢያመለክት ኖሮ «ከፈታት» ይሆን ነበር፤ ያ ደግሞ ትርጉም አይሰጥም። ሁለት ምልክቶች ለአንድ ተሳቢ ይሠራሉ፤ ግን አንደኛው የመጀመሪያው ገላጭ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላኛው በጾታና በቁጥር ከዋናው ስም ጋር ይስማማል።

ይህን ካላጤኑ የሚመጣው ስህተት አንባቢን ያሳስታል። በአንድ ጽሑፍ ላይ ያረምኩት ዐረፍተ ነገር ይህን ይመስል ነበር፦ «ኃላፊው የሠራተኞቹን ጥያቄ ተቀበላቸው።» ጸሐፊው «ሠራተኞቹን» የሚለውን ሲጽፍ «ን»ን አየና ግሱን ከእነሱ ጋር አስማማው። ይሁንና ኃላፊው የተቀበለው ጥያቄውን ነው፤ ጥያቄ ነጠላ ነው፤ ስለዚህ «ተቀበለው» መሆን ነበረበት። «ተቀበላቸው» ያለ አንባቢ ሠራተኞቹ ራሳቸው በር ላይ እንደተቀበሏቸው እንግዶች ሆነው ይታዩታል። ጸሐፊው ሠራተኞቹን በግሱ ውስጥ ማስገባት ከፈለገ ሌላ በር አለው፦ «ተቀበለላቸው»። ይህ «ለ» የተጨመረበት ቅጥያ ለእነሱ ሲል መቀበሉን ይናገራል። «ጥያቄዎች» ቢሆን ኖሮ ደግሞ «የሠራተኞቹን ጥያቄዎች ተቀበላቸው» ትክክል ይሆን ነበር፤ «አቸው» ጥያቄዎቹን ስለሚያመለክት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ገላጩን ሁሉ አውጥታችሁ ስሙንና ግሱን ብቻ አንብቡ። «ጥያቄውን ተቀበላቸው» ሲባል ጆሮ ወዲያው ይጎረብጠዋል።

የግሱ ቅጥያ ሁልጊዜ የግድ አይደለም። «ልጁ በሩን ከፈተ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ልጁ በሩን ከፈተው»ም ሙሉ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በጥያቄና መልስ ይወጣል። «ልጁ ምን ከፈተ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው «በሩን ከፈተ» የሚለው መልስ ይስማማዋል፤ በሩ ለጠያቂው አዲስ ዜና ነውና። «በሩ እንዴት ተከፈተ?» ብሎ ለጠየቀ ግን «ልጁ ከፈተው» ነው መልሱ። በሩ አስቀድሞ በጨዋታው ውስጥ አለ፤ ስሙን መድገም አያስፈልግም፤ «ው» ብቻውን ይበቃዋል። ከዚህ የተነሣ የተሳቢው ስም ወደ ዐረፍተ ነገሩ ራስ ሲመጣ ጆሮ ቅጥያውን ይጠብቃል፦ «በሩን ልጁ ከፈተው።» በሩን አስቀድመን የጠራነው ስለ እሱ ልንናገር ስለሆነ ግሱ መልሶ ሳይጠራው ሲቀር ነገሩ የተቋረጠ ይመስላል። ያልታወቀ ተሳቢ ደግሞ ቅጥያውን አይሻም፦ «በር ከፈተ» እንጂ «በር ከፈተው» አይባልም። «በር ከፈተለት» ግን ይባላል፤ «ለት» የሚጠራው በሩን ሳይሆን የተከፈተለትን ሰው ነውና።

ቅጥያና መታወቅ እንዲህ መተሳሰራቸው የቆየ ነገር ነው። ከላይ ግእዝ የእሙርነት ምልክት የለውም ብያለሁ፤ ተሳቢው የታወቀ መሆኑን ለማሳየት ግን ግሱን ይጠቀማል። «ርእየ ንጉሠ» ንጉሥ አየ ማለት ነው፤ «ርእዮ ለንጉሥ» ደግሞ ንጉሡን አየው። እዚያ ላይ መታወቁን የሚናገረው የግሱ ቅጥያ ከ«ለ» ጋር ሆኖ ነው። አማርኛ ስሙ ላይ ምልክት ቢያበጅም የግሱን ልማድ አልጣለውም።

አንድ ግስ የሚይዘው አንድ የተሳቢ ቅጥያ ብቻ ነው። «መጽሐፉን ለእናቱ ሰጣት» ስንል ተሳቢ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አሉ፦ መጽሐፉና እናቱ። ሁለቱንም በግሱ ላይ መደርደር አይቻልም፤ ቦታውን የምትወስደው ተቀባይዋ ናት። «ሰጠው» ብንል አንባቢው መጽሐፉን የተቀበለ ወንድ ይፈልጋል።

ቅጥያው በግሱ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታም መጨረሻው ላይ ብቻ አይደለም። «ከፈተ» ላይ መጨረሻው ነው፦ «ከፈተው»። አሉታ ሲሆን ከ«ም» በፊት ይገባል፦ «አልከፈተውም»። «ይከፍታል» የሚለው ግስ ደግሞ «ይከፍት»ና ረዳት ግሱ «አል» የተጣበቁበት ስለሆነ ቅጥያው መካከላቸው ይሰነጠራል፦ ይከፍት፣ ው፣ አል፤ «ይከፍተዋል»። «ከፍቷል» ላይም እንዲሁ፦ ከፍቶ፣ ት፣ አል፤ «ከፍቶታል»። ረዳቱ ተነጥሎ ሲጻፍ መሰነጠሩ በዓይን ይታያል፦ «ከፍቶት ነበር»። «ከፍቶ ነበረው» ብሎ የሚጽፍ የለም።

አንባቢው «ይከፍተዋል» ላይ «ው»፣ «ከፍቶታል» ላይ «ት» መሆኑን አስተውሎ ይሆናል። ሁለቱም ያንኑ በር ይጠራሉ። የሚወስነው ከፊታቸው ያለው ድምፅ ነው። ከንፈር ሞልሞል ብሎ የሚወጣ «ኡ» ወይም «ኦ» ከቀደመ «ት» ይመጣል፦ ከፈቱት፣ ከፈትኩት፣ ከፈታችሁት፣ ከፍቶት። ካልሆነ «ው» ነው፦ ከፈተው፣ ከፈተችው፣ ከፈትነው፣ ከፍታው። በ«ው» የሚያልቀው «ከፍተው» (እነሱ) ከመጀመሪያው ወገን ይቆጠራልና «ከፍተውታል» ይሆናል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ «ው» ራሱ ከንፈር የሚያሞለሙል ድምፅ ነው፤ ከሌላ መሰሉ ቀጥሎ ቢመጣ ይዋጥ ነበር።

ስም ላይ ግን ይህ ልውጠት የለም። «ጎጆ» በ«ኦ» ቢያልቅም «ጎጆው» እንጂ «ጎጆት» አይሆንም። ይህን ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ያለውን እንቆቅልሽ የሚፈታው እሱ ነው።

«ትናንት የመጡት ልጆች» ውስጥ ያለው «ት» ምንድን ነው? መልኩ የተሳቢ ቅጥያ ነው። «መጣ» ግን እዚህ ተሳቢ የለውም፤ ልጆቹ መጡ እንጂ የመጡት ነገር የለም። ስለዚህ «ት» የእሙርነት ምልክት ነው። በ«የ» የሚጀምረው ግስ የልጆቹ ገላጭ በመሆኑ፣ ምልክቱ እንደ «ትልቁ በር» ሁሉ ወደ ገላጩ ሄዷል። የተቀመጠው ግስ ላይ በመሆኑ ደግሞ የግሱን ልማድ ይዞ፣ ከ«ኡ» በኋላ «ት» ሆኗል። «የመጣችው ልጅ» ላይም «ው» ያው የእሙርነት ምልክት ነው፤ ሴትነቷን «ች» ተናግሮ ጨርሷል።

ግሱ እውነተኛ ተሳቢ ሲኖረው ግን ሁለቱ ምልክቶች ለአንድ ወንበር ይሻማሉ። «ልጅቷን የጠራው ሰው» ይባላል፤ «ልጅቷን የጠራት ሰው»ም ይባላል። በመጀመሪያው «ው» ሰውየው የታወቀ መሆኑን ይናገራል፤ ልጅቷን የሚጠራ ቅጥያ የለም። በሁለተኛው «ት» ልጅቷን ይጠራል፤ የሰውየው የእሙርነት ምልክት ቦታ አጥቶ ቀርቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። «ልጁን የጠራው ሰው» ላይ ደግሞ ወንበሩን የያዘው ማን እንደሆነ ማንም ሊለይ አይችልም፤ «ው» የልጁም የሰውየውም ሊሆን ይችላል። «ልጆቹን የጠራቸው ሰው» ብሎ ልጆቹን ማብዛት ብቻ ነው የሚለየው።

አሁን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እጅግ ያልራቀ አንድ ልጻፍ፦ «ወንድሟ ያሠራውን ትልቅ በር ልጅቷ ከፍታዋለች።» የበሩ የመጀመሪያ ገላጭ «ያሠራው» ስለሆነ «ን» እዚያ ተቀምጧል። «ትልቅ» ሁለተኛ ነውና ያለ ምልክት አልፏል፤ «ትልቁን» ቢባልም አይነወርም። በሩ ከልጅቷ ቀድሞ ስለተጠራ ግሱ መልሶ ጠርቶታል፦ ከፍታ፣ ው፣ አለች። ልጅቷ ሴት ብትሆንም ቅጥያው «ው» የሆነው በሩን ስለሚያመለክት ነው። «በር» የሚለው ቃል ራሱ ደግሞ አንድም ምልክት አልያዘም። እኔ ሳርም አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ባዶ «በር» አይቶ ይጠራጠርና «ያሠራው ትልቅ በርን» ብሎ «ን»ን ወደ ስሙ ይመልሰዋል።